ሳተላይቷ መወዛወዟን እንድታቆም

በጠፈር ላይ ሳተላይትን የሚያረጋጋ ሰበቃ የለም ማለት ይቻላል። መቆጣጠሪያው የአቅጣጫ ስህተቷን ብቻ እያየ ከገፋት፣ ዒላማዋን አልፋ ትሄዳለች፤ ተመልሳም ታልፋለች። ምክንያቱ ምላሿ በየትኛውም ፍጥነት 180 ዲግሪ ወደ ኋላ መዘግየቱ ነው። ከዚህ አደገኛ ወሰን የሚቀረው ርቀት ፌዝ ማርጂን ይባላል፤ የእርሷ ዜሮ ነው።

ሊድ ኮምፔንሴተር የስህተቱን የለውጥ ፍጥነትም ስለሚያይ ቀድሞ ፍሬን ይይዛል።

የሚፈለገው ማርጂን 55 ዲግሪ፣ ባንድዊድዙን የሚወስነው የመሻገሪያ ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 1 ራዲያን ይሁን። መሐንዲሱ መጀመሪያ የዜሮውንና የፖሉን ርቀት ያሰላል፦

(1 + sin 55°) / (1 − sin 55°) ≈ 10

ቀጥሎ ሁለቱን ከመሻገሪያው ግራና ቀኝ በ√10 እጥፍ ያስቀምጣቸዋል፤ ዜሮው 0.32፣ ፖሉ 3.16 ላይ ይውላሉ። ሊድ ራሱ ጉልበት ስለሚጨምር መሻገሪያው ወደ ላይ እንዳይሸሽ ጌይኑን ያስተካክላል። የሳተላይቷ ሞዴል 1/s² ከሆነ፦

C(s) = 0.316 (1 + s/0.316) / (1 + s/3.16)

ዋጋው በሴንሰሩ ጫጫታ ይከፈላል፤ ፈጣኑ ጫጫታ ከዝግተኛው ምልክት 10 እጥፍ ይጎላል። የ0.2 ሰከንድ የኮምፒውተር መዘግየት ብቻውን ከማርጂኑ 11 ዲግሪ ያህል ይበላል። መሐንዲሱ ይህን አስቀድሞ ካልቆጠረ፣ በሙከራ ላይ ሳተላይቷ ከታሰበው በላይ ስትወዛወዝ ያያል።