ቆርቆሮውን ከፎቶ ላይ መቁጠር

የእናቱ ቤት ክዳን ዝጎ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ክረምቱም እየቀረበ ነው። ጅዳ ወይም ቤሩት ተቀምጦ ገንዘብ የሚልክ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቆርቆሮ ይበቃል?» ብሎ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚለካ አናጢ እስኪገኝ ድረስ እህቱ በስልኳ የምታነሳቸው ሁለት ፎቶዎችና በሜትር የተለካ አንድ ነገር ለግምት ይበቃሉ። ለመለካት የሚመቸው የበሩ ቁመት ነው። በር ሁሉ እኩል ስላልሆነ ቁመቱን በልምድ ከመገመት መለካት ይሻላል።

ምሳሌያችን ክዳኑ ከአናቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚወርድ ቤት ነው። የመጀመሪያው ፎቶ በሩ ካለበት ከፊት ለፊት ይነሳል፤ ሁለተኛው የክዳኑ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ከሚታይበት ከጎን። ፎቶ አንሺዋ ግቢው እስከፈቀደ ድረስ ራቅ ብላ፣ ከግድግዳው መሃል ትይዩ መቆምና ስልኩን ወደ ላይ ሳታዘነብል ቀጥ አድርጋ መያዝ አለባት። ፎቶው ደህና መሆኑ በቀላሉ ይታወቃል። የግድግዳው ግራና ቀኝ ማዕዘኖች ወደ ላይ እየተቀራረቡ ከሄዱ ስልኩ አዘንብሎ ነበር ማለት ነው። መሬቱ ደልዳላ ሆኖ ሳለ አንዱ ማዕዘን ከሌላው ረዝሞ ከታየ ደግሞ ያነሳችው ከገደድ ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ከማስላት ደግሞ ማስነሳት ይቀላል።

አሁን ማስመሪያ ይነሳ። በሩ በሜትር ሲለካ 2.10 ሜትር፣ በታተመው የፊት ፎቶ ላይ ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እዚያ ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 70 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ ነው። የክዳኑ የታችኛው ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 8.40 ሜትር ይሆናል። የግድግዳው ማዕዘን ደግሞ ከመሬት እስከ ክዳኑ ሥር 3.6 ሳንቲ ሜትር ቢለካ፣ ቁመቱ 2.52 ሜትር ነው።

በጎን ፎቶው ላይ በር የለም። ያ የግድግዳ ማዕዘን ግን እዚያም ይታያልና የበሩን ልክ ተሸክሞ ይሻገራል። በዚህ ፎቶ 4.2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአናቱ እስከ ታችኛው ጠርዝ ያለው ተዳፋት 6 ሳንቲ ሜትር ከተገኘ፣ በእውነቱ 3.60 ሜትር ነው። ተዳፋቱን ከፊት ፎቶው ላይ ለመለካት መሞከር አይገባም፤ ከፊት ሲታይ ክዳኑ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በጣም አጥሮ ይታያል።

የአንዱ ወገን ስፋት 8.40 በ3.60 ነው፤ ሁለቱ ወገን 60.5 ካሬ ሜትር ገደማ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮው 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1.80 ካሬ ሜትር ነውና አካፍሎ «34 ይበቃል» ይላል። ቆርቆሮ ግን ጎን ለጎን ይደራረባል። አንድ ሞገድ ተኩል ከተደረበ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚዋጥ የሚሸፍነው 79 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 8.40 ሜትሩ ለ0.79 ተካፍሎ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 11 ቆርቆሮ ይፈልጋል። ከላይ ወደ ታችም ሁለት ቆርቆሮ በ20 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ 3.80 ሜትር ይደርሳል፤ ለ3.60 ይበቃል፣ ትርፉም በመደራረቡ ይገባል። ሁለት ረድፍ፣ በረድፍ 11፣ በሁለት ወገን 44 ቆርቆሮ ነው። በካሬ ያሰላው ሰው 10 ቆርቆሮ ጎድሎት ሥራው መሃል ላይ ይቆም ነበር።

በጥንቃቄ የተነሳ ፎቶም በመቶ አምስት ያህል ሊሳሳት ይችላል። ርዝመቱ ወደ 8.82 ቢያድግ 12 በረድፍ ይሆንና አራት ቆርቆሮ ይጨመራል። ተዳፋቱ ግን ከ3.80 ካለፈ ሁለት ረድፍ አይደርስም። አናጢው ቆርቆሮ እየቆራረጠ ሦስተኛ አጭር ረድፍ ለመጨመር ይገደዳል፤ ይህም ተጨማሪ አግዳሚ እንጨት፣ ተጨማሪ ምስማርና ውኃ ሊገባ የሚችልበት ሌላ መጋጠሚያ ያመጣል። በምሳሌው በመቶ አምስት ሲጨመር 3.78 ስለሚሆን ለጥቂት ያመልጣል። እንዲህ ወሰኑ አጠገብ የቀረበ ልክ ሲገኝ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ተዳፋቱን ብቻ አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ቢለካው ይሻላል።

የአናቱ መሸፈኛ ለብቻው ይቆጠራል። ባለ 2 ሜትሩ በ15 ሳንቲ ሜትር እየተደራረበ ለ8.40 ሜትር አምስት ያስፈልጋል። ወደ አራት አቅጣጫ የሚወርድ ክዳን ከሆነ ግን ይህ ቆጠራ አይሠራም። ማዕዘኖቹ ላይ ቆርቆሮው በሰያፍ ስለሚቆረጥና ቁራጩ ሁሉ መልሶ ስለማይገባ፣ እያንዳንዱን ገጽ ወረቀት ላይ ስሎ ረድፍ በረድፍ መቁጠር ያስፈልጋል።