ገቢው የዕለት፣ ዕዳው የወር፦ የጉልት ነጋዴ ቤተሰብ የብድር አመላለሱን በጽሑፍ እንዴት ያቅዳል?

የጉልት ነጋዴ ገንዘብ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። የብድር ክፍያ ግን በወር አንድ ቀን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ብዙ ቤተሰቦች "በወር ይህን ያህል መክፈል አያቅተንም" የሚሉት ገበያው የደራበትን ሰሞን እያሰቡ ነው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ክፍያው አይቀንስም። በጽሑፍ የሰፈረ ወርኃዊ ዕቅድ ዋና ጥቅሙ የደራው ወር ለቀዘቀዘው ወር ስንት ብር ማቆየት እንዳለበት አስቀድሞ ማሳየቱ ነው።

አሠራሩን ለማየት ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች በጉልት የሚሸጥ አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት ይወሰድ። አኃዞቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ በመሆናቸው እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ሥራ ቢያንስ ለአንድ ወር በየምሽቱ ሒሳብ መመዝገብ ነው። በአንድ ቀን 2 ሺህ 800 ብር ተሸጠ እንበል። ዕቃው የተገዛበት 2 ሺህ 150 ብር፣ የማጓጓዣና የተሸካሚ 120 ብር፣ የቦታና የፌስታል 40 ብር፣ የበሰበሰ ቲማቲም ኪሳራ 70 ብር ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 420 ብር ነው። ለብድር ሊታሰብ የሚችለው ከዚህ 420 ብር ላይ እንጂ ከ2 ሺህ 800 ብሩ አይደለም። በዱቤ የተሸጠ ዕቃም ገንዘቡ እጅ እስኪገባ ድረስ እንደ ገቢ አይመዘገብም።

ቀጥሎ ወራቱ ይለያሉ። ከፎገራና ከሌሎች የመስኖ አካባቢዎች የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ እንደልብ ይገኛል። በክረምት ግን የመግዣ ዋጋው ይወደዳል፣ ቲማቲም ቶሎ ይበላሻል፣ ዝናብም ገበያተኛውን ያስቀራል። የምሳሌው ቤተሰብ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ስምንት ወራት በወር 26 ቀን እየሠራ በቀን በአማካይ 420 ብር ያተርፋል፤ ይህም በወር 10 ሺህ 920 ብር ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለሌላው ወጪ 7 ሺህ 200 ብር ሲወጣ 3 ሺህ 720 ብር ይተርፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ደግሞ 24 ቀን ሠርቶ በቀን 310 ብር፣ በወር 7 ሺህ 440 ብር ያገኛል። ወጪውን ወደ 6 ሺህ 600 ብር ዝቅ ቢያደርግም የሚተርፈው 840 ብር ብቻ ነው። መስከረም የዓውደ ዓመት ገበያ ቢኖረውም የደብተርና የደንብ ልብስ ወጪ ትርፉን ስለሚወስደው ከቀዘቀዙት ወራት ጋር ተቆጥሯል።

ይህ ቤተሰብ 24 ሺህ ብር ተበድሮ፣ ወለዱን ጨምሮ 28 ሺህ 800 ብር በ12 ወራት ሊመልስ ተስማማ እንበል። ወርኃዊ ክፍያው 2 ሺህ 400 ብር ይሆናል። በደራው ወር ክፍያው ቀላል ይመስላል። በቀዘቀዘው ወር ግን 840 ብር ብቻ ስላለ በየወሩ 1 ሺህ 560 ብር ይጎድላል፤ በአራት ወራት ጉድለቱ 6 ሺህ 240 ብር ይደርሳል። ይህ ጉድለት ለስምንቱ የደሩ ወራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 780 ብር ይደርሰዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየወሩ ማዘጋጀት ያለበት 2 ሺህ 400 ብር ሳይሆን 3 ሺህ 180 ብር ነው። ለድንገተኛ ችግር የሚቀረው 540 ብር ብቻ ይሆናል፤ ከዚህ የሚበልጥ ብድር ለዚህ ቤተሰብ ይከብደዋል።

ገንዘቡ የሚገባው በየቀኑ ስለሆነ ቁጠባውም በየቀኑ ቢሆን ይቀላል። በደራው ወር በሥራ ቀን 125 ብር፣ በቀዘቀዘው ወር 35 ብር ከመሸጫ ገንዘቡ ተለይቶ ይቀመጣል። ሳይሸጥ የዋለ ቀን ካለ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይካካሳል። ለክረምቱ የሚቆየው 780 ብር በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ ይመረጣል። ዕቁብ ለዚህ እምብዛም አይመችም፤ ዕጣው በሚፈለግበት ወር መውጣቱ እርግጠኛ አይደለምና። ቤተሰቡ አስቀድሞ ዕቁብ ካለው ደግሞ የዕቁቡ መዋጮ በወጪ ሥር መመዝገብ አለበት።

ዕቅዱ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በአምስት ዓምድ ይሰፍራል፦ ወሩ፣ ይተርፋል ተብሎ የታሰበው፣ በእርግጥ የተረፈው፣ የተከፈለው፣ ለክረምት የተቀመጠው። በምሳሌው መሠረት የመጨረሻው ዓምድ በጥር መጨረሻ 3 ሺህ 120 ብር፣ በግንቦት መጨረሻ 6 ሺህ 240 ብር ማሳየት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ በየወሩ 1 ሺህ 560 ብር እየቀነሰ በመስከረም ያልቃል። የጳጉሜን ቀናት የብድር ክፍያ ባይኖርባቸውም ቤተሰቡ ይመገብባቸዋልና ወጪያቸው ለብቻው ይጻፋል።

ብድሩ የሚወሰድበት ወር ራሱ ውጤቱን ይለውጣል። የመጀመሪያው ክፍያ በጥቅምት ከጀመረ ለክረምቱ የሚሆን ገንዘብ ለማጠራቀም ስምንት ወራት ይገኛሉ። ያው ብድር በግንቦት ተወስዶ ክፍያው በሰኔ ከጀመረ ግን ምንም ሳይጠራቀም አራቱ ከባድ ወራት ይቀድማሉ። በዚህ ጊዜ የእፎይታ ጊዜ ወይም ረዘም ያለ የመመለሻ ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውል ከመፈረሙ በፊት ወለዱ በምን እንደሚሰላም መጠየቅ ይገባል። በዓመት 20 በመቶ ወለድ በመጀመሪያው 24 ሺህ ብር ላይ ከተሰላ 4 ሺህ 800 ብር ነው። በየወሩ 2 ሺህ ብር ዋና ገንዘብ እየተመለሰ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከተሰላ ግን የዓመቱ ወለድ 2 ሺህ 600 ብር ይሆናል። በሁለቱም ውሎች ላይ የሚነበበው "20 በመቶ" ሊሆን ስለሚችል በብር የሚከፈለው ጠቅላላ መጠን ተጽፎ እንዲሰጥ መጠየቅ ይሻላል። አበዳሪው የግዴታ ቁጠባ ወይም የመድን ክፍያ የሚቀንስ ከሆነ እርሱም በዕቅዱ ይካተታል።

ዕቅዱ መበላሸቱ የሚታወቀው ክፍያ ከመቅረቱ በፊት ነው። አንደኛው ምልክት የሚገዛው ዕቃ መቀነሱ ነው። ቀድሞ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ይገዛ የነበረ ነጋዴ ዋጋው ሳይጨምር ወደ አንድ ኩንታል ከወረደ ክፍያው ከትርፍ ሳይሆን ከመሥሪያ ገንዘቡ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ሲያንስ ትርፉ ያንሳል፤ የሚቀጥለው ክፍያም ይበልጥ ይከብዳል። ሌላው ምልክት ለክረምት የተቀመጠው ገንዘብ በጥር ሊደርስበት ከሚገባው በብዙ ማነሱ ነው።

እንዲህ ሲሆን ከክፍያው ቀን በፊት መዝገቡንና ዕቅዱን ይዞ ወደ አበዳሪው በመሄድ ክፍያው እንዲሸጋሸግ መጠየቅ ያዋጣል። ጥያቄው ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ የተመዘገበ ሒሳብ ምን ያህል መክፈል እንደሚቻል በቁጥር ያሳያል። ብድሩ በቡድን ዋስትና የተወሰደ ከሆነ ጉድለቱ በአባላቱ ላይ ስለሚወድቅ እነርሱም አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። በሕግ የተከለከለውን አራጣ ተበድሮ የወሩን ክፍያ መክፈል ግን በሚቀጥለው ወር ሁለት ዕዳ ያስከትላል፤ 840 ብር ብቻ የሚተርፈው ቤተሰብ ደግሞ አንዱንም ብቻውን መሸፈን አይችልም።