ስንት ፍሬ ልግዛ?

የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶበት ከክሊኒክ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት መስመር ያለው ማዘዣ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። አሞክሲሲሊን 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፤ ሁሉም ለ14 ቀን። ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ ለማለት «ቢአይዲ» የሚል ምሕጻረ ቃል ይጠቀማል፤ ሦስት ጊዜ ሲሆን «ቲአይዲ»፣ አራት ጊዜ ሲሆን «ኪውአይዲ» ይላል። ሌላ ሐኪም ቀኑንም መድኃኒቱንም ለውጦ ሊያዝ ይችላል፤ የአቆጣጠሩ መንገድ ግን ያው ነው። ጠቅላላው ቁጥር ማዘዣው ላይ ከተጻፈ ሥራው ቀላል ነው። ካልተጻፈ፣ ወይም በሽተኛው መድኃኒቱን ከፋፍሎ ለመግዛት ካሰበ፣ ሒሳቡ ባንኮኒው ላይ በጥድፊያ ይሠራል።

ማባዛት ብቻ ነው፦ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ፍሬ፣ ሲባዛ በቀን ስንት ጊዜ፣ ሲባዛ ለስንት ቀን። ክላሪትሮማይሲኑ ባለ 500 ከሆነ 1 ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ14፣ 28 ፍሬ ይመጣል። ባለ 20 ኦሜፕራዞልም እንዲሁ 28 ነው። ስህተት የሚገባው አሞክሲሲሊኑ ላይ ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ የሚወሰደው 28 ጊዜ ስለሆነ፣ «28 እንክብል» ብሎ መግዛት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሐኪሙ የጻፈው በግራም እንጂ በፍሬ አይደለም። አንድ ግራም 1000 ሚሊ ግራም ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው እንክብል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 500 ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚዋጠው ሁለት፣ የሚገዛው 56 ፍሬ ነው። ያለው ባለ 250 ብቻ ከሆነ በአንድ ጊዜ አራት ይሆንና ቁጥሩ ወደ 112 ይወጣል። ያን ያህል እንክብል በትክክል ውጦ የሚጨርስ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ባለ 500 ፍለጋ ሌላ መድኃኒት ቤት መሞከር ይሻላል።

እንግዲህ ከመክፈል በፊት ስትሪፑን ገልብጦ ከስሙ አጠገብ የታተመውን መጠን ማንበብ ነው። በዚህ ማዘዣ ላይ አንድ ፈጣን መፈተሻም አለ። አሞክሲሲሊኑ ባለ 500 ከሆነ፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ብዛት የክላሪትሮማይሲኑ እጥፍ መሆን አለበት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አንዱ ተሳስቷል።

አሁን ባንኮኒው ላይ የሚሰማውን እንስማ።

«የኔ እህት፣ ከሦስቱም ሁለት ሁለት ስትሪፕ አድርጊልኝ።»

«ለስንት ቀን ነው የታዘዘልዎት፣ ጋሼ?»

«ለሁለት ሳምንት ነው መሰለኝ። ሁለት ስትሪፕ ለሁለት ሳምንት አይበቃም?»

አይበቃም። ስትሪፕ ማሸጊያ እንጂ ልክ አይደለም፤ 10 ፍሬ የያዘ አለ፣ 7 የያዘ አለ፣ 14 የያዘም አለ። ጋሼ ሁለት ሁለት ባለ 10 ስትሪፕ ይዘው ቢሄዱ፣ በቀን አራት የሚዋጠው አሞክሲሲሊን በአምስተኛው ቀን ያልቃል። በቀን ሁለት የሚዋጡት ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል እስከ አሥረኛው ቀን ይቆያሉ። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ባክቴሪያውን የሚዋጋው ክላሪትሮማይሲን ብቻውን ነው። ሁለቱ ፀረ ባክቴሪያዎች አብረው የታዘዙት ደግሞ አንዱን የሚቋቋም ባክቴሪያ በሌላው እንዲመታ ነው። ብቻውን የቀረው መድኃኒት የማይገድላቸው ባክቴሪያዎች ይተርፋሉ፤ ይራባሉም። በሚቀጥለው ጊዜ ክላሪትሮማይሲን ቢታዘዝ ላይሠራ ይችላል።

የሚያሳዝነው ጋሼ ይህን የሚያውቁበት ምልክት አለመኖሩ ነው። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ፣ ባክቴሪያው እዚያው እያለም ቃጠሎው ይቀላል። «ተሽሎኛል፤ የቀረውን አልገዛም» የሚባለውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በቂ መሆኑን ሕመሙ አይነግረንም፤ የሚነግረን ቁጥሩ ነው።

56 ለ10 ስለማይካፈል ፋርማሲስቷ አምስት ስትሪፕ ሰጥታ ከስድስተኛው ላይ ስድስት ፍሬ በመቀስ ትቆርጣለች። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ብዙ ጊዜ የሚታተመው በስትሪፑ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ነውና፣ ሳይቆረጥ በፊት «ላየው» ማለት ነውር የለውም። የተቆረጠው ቁራጭ ቀኑን ላይዝ ይችላል።

ገንዘብ ሲያጥር ከፋፍሎ መግዛት ያለ ነገር ነው። የግድ ከሆነ የሚከፈለው በቀን እንጂ በመድኃኒት ዓይነት መሆን የለበትም። ርካሹን ሙሉ፣ ውዱን ግማሽ መግዛት ከላይ ወደ ተባለው ጣጣ ይመልሳል። የሰባት ቀኑ ድርሻ አሞክሲሲሊን 28፣ ክላሪትሮማይሲን 14፣ ኦሜፕራዞል 14 ፍሬ ነው። ቀሪውን ለመግዛት የመጨረሻው ፍሬ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ሁለተኛው ዙር ሲመጣ መድኃኒቱ ላይገኝ ይችላል፣ ወይም በሌላ መጠን ይገኛል። ለምሳሌ ያለው ክላሪትሮማይሲን ባለ 250 ብቻ ቢሆን፣ ለቀሪው ሰባት ቀን በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው 28 ፍሬ ያስፈልጋል። ፓኬቱ ላይ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነት መሆኑ ከተጻፈ ግን አወሳሰዱ ስለሚለይ በራስ ሒሳብ መለወጥ አይቻልም፤ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነው። ሙሉውን መግዛት ጭራሽ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ሳይጀመር በፊት ለሐኪሙ መንገር ነው። ከተጀመረ በኋላ ማቋረጥ ቆይቶ ከመጀመር ይብሳል።

መድኃኒቱ ቤት ከገባ በኋላ ቀን ከመቁጠር የተወሰደበትን ጊዜ መቁጠር ይሻላል። ማክሰኞ ማታ የጀመረ ሰው 14 ቀን ቆጥሮ ሰኞ ማታ ካቆመ አንድ ጊዜ ይጎድለዋል፤ ሃያ ስምንተኛው የሚውለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ማለት በተቻለ መጠን 12 ሰዓት ተራርቆ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ለብዙ ሰው ይመቻል። ኦሜፕራዞሉ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀድማል። ጾም ላይ ያለ ሰው የሚዘልለው አብዛኛውን ጊዜ የጠዋቱን ነውና፣ ይህን ሲታዘዝለት ቢያነሳው ጥሩ ነው።

መሐል ላይ አንድ ጊዜ የቀረውን መቁጠር ስህተቱን ቶሎ ያሳያል። ማክሰኞ ማታ የጀመረ ሰው በሳምንቱ ማክሰኞ የጠዋቱን ከዋጠ በኋላ 14 ጊዜ ወስዷል፤ የሚቀረው አሞክሲሲሊን 28፣ ከሌሎቹ 14 14 መሆን አለበት። አሞክሲሲሊኑ 42 ሆኖ ሌሎቹ 14 ከሆኑ፣ ሁለት ሁለት መዋጥ ሲገባው አንድ አንድ ነው የዋጠው። ሦስቱም በእኩል ጊዜ ከተረፉ፣ ለምሳሌ 32፣ 16 እና 16 ከሆኑ፣ ሁለት ጊዜ ዘልሏል ማለት ነው። ያመለጠውን ለማካካስ በአንዴ እጥፍ አይዋጥም። የቀረውን ስትሪፕና ማዘዣውን ይዞ ወደ ገዛበት መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው፤ የተረፈው እንዴት እንደሚወሰድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።