ጭነት የበዛበት ፒካፕና ሚኒባስ፦ ጎማው ምን ያህል ይሸከማል? አየሩስ ስንት መሆን አለበት?

ከጅዳ ወደ መካ የሚወስደው ጎዳና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። መካ ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ተሽከርካሪዎች የሚፈተሹበት የሹመይሲ ኬላ ይገኛል። ከጅዳ የአትክልት ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ ፒካፖች፣ ሠራተኞችን ከነጓዛቸው የሚያጓጉዙ ሚኒባሶች በዚህ መንገድ ይመላለሳሉ። በበጋ ወራት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ አስፋልቱ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ ብዙ አሽከርካሪዎች «ሙቀቱ ጎማውን እንዳያፈነዳው» በማለት አየሩን ይቀንሱለታል። ጭነት ለያዘ መኪና ግን ይህ አደጋውን የሚያባብስ ልማድ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ጭነቱን የሚሸከመው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የመኪናውን ክብደት የሚይዘው በአብዛኛው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ሲያንስ የጎማው ጎን ወደ ታች ይተኛል፤ መንኮራኩሩ በዞረ ቁጥርም ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦን ደጋግሞ የሚያጥፍ ሰው ሽቦው እንደሚግል ያውቃል። ጎማውም እንዲሁ ከውስጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ላስቲኩን ከሽቦው ጋር ያያያዘው ማጣበቂያ ይላላል፤ በመጨረሻም የላይኛው ሽፋን ተገንጥሎ ይበተናል። በየመንገዱ ዳር የሚታዩት የጎማ ቁራጮች ብዙዎቹ የዚህ ውጤት ናቸው። ጎማውን የሚገድለው ሙቀት ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ በራሱ መታጠፍ የሚወለደው ነው።

እያንዳንዱ ጎማ የሚችለው ክብደት በጎኑ ላይ በቁጥር ተጽፏል። በብዙ የቶዮታ ሃያስ ሚኒባሶች ላይ የሚገጠመውን አንድ የጎማ ዓይነት እንመልከት፦

```
195R15C 106/104R
```

195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ከ15 ቀጥላ ያለችው C የንግድ ተሽከርካሪ ጎማ መሆኑን ትገልጻለች። 106 የጭነት ቁጥር ነው፤ ኪሎ ግራም አይደለም፤ በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ መሠረት 950 ኪሎ ግራም ማለት ነው። 104 ደግሞ 900 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የሚያገለግለው በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ለሚገጠምባቸው መኪኖች ነው። ስለዚህ ተራ ፒካፕ ወይም ሚኒባስ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይይዛል።

ሆኖም 950 ኪሎ ግራሙ የሚገኘው ጎማው የተወሰነለት ሙሉ ግፊት ሲኖረው ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ጎማ ሙሉ ግፊት በተለምዶ 65 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ በጎማው ጎን ላይ ከከፍተኛው ጭነት አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። ግፊቱ ወደ 45 ሲወርድ አቅሙም ወደ 700 ኪሎ ግራም ገደማ ይወርዳል። ጎማው ቆሞ ሲታይ ጥቂት ብቻ የተኛ ስለሚመስል ልዩነቱን በዓይን መለየት ያዳግታል፤ የሚለየው መለኪያ ነው።

ነገሩን በሒሳብ ለማሳየት አንድ ጋቢናው ነጠላ የሆነ ፒካፕ እንውሰድ። ባዶውን በሚዛን ላይ ሲቆም የኋላ እግሩ 750 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በላዩ 900 ኪሎ ግራም ሽንኩርት ተጫነበት። የፒካፕ መጫኛ አብዛኛው ክፍል በኋላ እግር ላይ ስለሚያርፍ፣ ከዚህ ውስጥ 810 ያህሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጋቢና ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ደግሞ 100 ያህል ይጨምራሉ። ድምሩ 1660 ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ 830 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። ባለ 106ቱ ጎማ በ65 ፒ.ኤስ.አይ. ይህን ይችላል። በ45 ከሆነ ግን ከአቅሙ በላይ 130 ኪሎ ግራም ያህል ተሸክሞ ይጓዛል።

አሁን ደግሞ ባለቤቱ ዋጋው ስለረከሰለት የቤት መኪና ጎማ ገዝቶ አስገጠመ እንበል። ቸርኬው ልኩ ነው፤ ጎማው አዲስ ነው፤ የተጻፈበት የጭነት ቁጥር ግን 96 ነው። ይህም 710 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ለዚህ ጭነት ምንም ያህል አየር ቢሞላ አይበቃም፤ በጎማው ላይ ከተጻፈው ግፊት በላይ መንፋት የመሸከም አቅሙን አይጨምርለትምና። ስለዚህ «በንሸር» ዘንድ ጎማ ሲለወጥ ከመጠኑ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የጭነት ቁጥሩ ነው። አዲሱ ቁጥር ከፋብሪካው ካነሰ፣ መጠኑ አንድ ዓይነት ቢሆንም ጎማው ለዚያ መኪና አይሆንም።

የጎማው መቻል ብቻውን ግን ፈቃድ አይደለም። መኪናው ራሱ የሚችለው ጭነት በኢስቲማራው ላይ «ሑሙላ» በሚለው የዓረብኛ ቃል ሥር ተመዝግቧል። በሚኒባስ ደግሞ ሰውም ጭነት መሆኑ ይዘነጋል። ወደ ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄዱ 12 መንገደኞች በአማካይ 70 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ 840 ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሁለት ሻንጣዎች ቢይዙ 552 ይጨመራል። ድምሩ ወደ 1400 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ በኢስቲማራው ካለው ጋር ሲነጻጸር ሻንጣዎቹ በሌላ መኪና መሄድ ያለባቸው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ግፊት የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ማለትም መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ፣ ጎማው ፀሐይ ሳይመታው፣ በተለይም በማለዳ። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ቁጥር ተሰጥቷል። ማለዳ 65 የነበረ ጎማ በጉዞ ላይ በየ10 ዲግሪው ሙቀት ወደ 2.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይጨምራል። ሹመይሲ ሲደርስ 72 ወይም 75 ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው፤ ጎማው የተሠራው ይህንን ታሳቢ አድርጎ ነው። በዚያን ጊዜ አየር ያስተነፈሰ ሰው፣ በማግሥቱ ማለዳ ሲለካ ከ60 በታች ያገኘዋል፤ በዚያው ላይ ሽንኩርቱን ይጭንበታል።

አየር ያነሰውን ጎማ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ሁለቱ ጠርዞቹ አልቀው መሐሉ ደህና ከሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ባነሰ አየር ሄዷል። መሐሉ ብቻ ካለቀ ተቃራኒው ነው። በጎኑ ላይ እብጠት ከታየ የውስጡ ክር ተበጥሷልና አየር ቢስተካከልም አይድንም፤ መለወጥ አለበት። በኬላው ሰልፍ ላይ ሲቆሙ እጅን ሳያስነኩ ወደ ጎማዎቹ ጠጋ ማድረግ ብቻ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ መጋሉን ያሳያል። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል አየር ኖሯቸው አንዱ ብቻ ከጋለ፣ ጭነቱ ወደዚያ ወገን ማዘንበሉን መጠርጠር ይገባል። ከላይ ካየነው 1660 ኪሎ ግራም 60 በመቶው ወደ አንድ ጎን ቢያርፍ 996 ይሆናል፤ ይህም ከ950 ያልፋል።

ከአልጋው ሥር የታሰረው ትርፍ ጎማም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ከሌላ መኪና የመጣ፣ የጭነት ቁጥሩ ያነሰ፣ አየሩም ለወራት ያልተለካ ሆኖ ይገኛል። ቁጥሩ ካነሰ፣ ከገጠሙት በኋላ ጭነቱን ቀንሶና ፍጥነትን ዝግ አድርጎ እስከሚቀርበው በንሸር ድረስ ብቻ መሄድ ይቻላል።