አረንጓዴው ምልክት ስለ ምን ይመሰክራል?

ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የተሰለፈ ታካሚ ደጋግሞ የሚሰማት መልስ አለች፦ «ሲስተም የለም»። መልሷ አጭር ብትሆንም ከኋላዋ ብዙ ዓይነት ችግር ሊደበቅ ይችላል። መብራት ሄዶ የሰርቨሩ ዩፒኤስ ባትሪ አልቆ ይሆናል። ኢንተርኔት ብቻ ተቋርጦ ግቢ ውስጥ ያለው ሰርቨር ደህና ሊሆንም ይችላል። አንድ ሰው የስልክ ቻርጀር ሊሰካ ብሎ የስዊቹን ሶኬት ነቅሎት፣ ወይም የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ዳታቤዙ መመዝገብ አቁሞም ይሆናል። ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ የጠፋው፣ ካርድ መክፈቱን መቀጠል ይቻላል። ሶኬት ከሆነ መልሶ መሰካት ነው። ዳታቤዝ ከሆነ ደግሞ ማንም ሳይነካካው ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ግን የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስክሪኗ ላይ የሚሽከረከር ክብ።

ትናንሽ ክሊኒኮች ብዙውን ጊዜ ቋሚ የአይቲ ባለሙያ የላቸውም። ባለሙያው ሦስት አራት ድርጅት ያገለግላል፤ ሲደወልለት ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚወስኑት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ገንዘብ ተቀባዩና ተረኛዋ ነርስ ናቸው። ለእነሱ የሚሆን የሁኔታ ሰሌዳ መሥራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እንደ አፕታይም ኩማ፣ ዛቢክስና ግራፋና ያሉ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፤ መረጃ መሰብሰቡም ቀላል ነው። የሚከብደው ከተሰበሰበው ውስጥ ምን ይታይ፣ በምን ቃል ይጻፍ የሚለው ነው።

አንድ ባለ አንድ ፎቅ ክሊኒክ እናስብ። ምድር ቤት ላይ ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ ተቀባይና መድኃኒት ቤት አሉ፤ ፎቅ ላይ ላብራቶሪና ሁለት የምርመራ ክፍሎች። ሰርቨሩ ዕቃ ክፍል ውስጥ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል። በየፎቁ አንድ አንድ ስዊች አለ፤ ራውተሩ ደግሞ ካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚሠራው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ለራሱ የሚመች ነው፦ SRV-01፣ SW-2F፣ 192.168.1.10፣ ከጎናቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉ የግራፍ መስመሮች። ነርሷ አንዴ ታየዋለች፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብላም አታየው።

የሚሠራው ሰሌዳ በማሽን ስም ሳይሆን በሥራ ስም የተጻፈው ነው። ለዚህ ክሊኒክ ስድስት መስመር ይበቃል፦ ካርድ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ክፍያ፣ ኢንተርኔት፣ መብራትና ባትሪ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ምልክት፣ አንድ ስምና አንድ ዓረፍተ ነገር ይኖራል። የዲስክ መሙላት፣ የሌሊቱ ባክአፕና የሰርቨሩ ሙቀት እዚህ ቦታ የላቸውም፤ እነሱ በቴሌግራም ወደ ባለሙያው ስልክ ይሂዱ። እዚህ ላይ ግን አንድ ክፍተት አለ፤ ክሊኒኩ ኢንተርኔት ሲያጣ የቴሌግራሙም መልእክት አይሄድም። ስለዚህ የኢንተርኔት መስመሩ ቀይ ሲሆን ሰሌዳው የባለሙያውን ስልክ ቁጥር ጽፎ «ደውሉ» ይበል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አረንጓዴው ምልክት በትክክል ስለ ምን ይመሰክራል የሚለው ነው። እዚህ ላይ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ታሪክ አለ። በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፔንስልቬንያ፣ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ሰሌዳው ላይ የነበረችው መብራት ግን ጠፍታ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቷ የምትናገረው ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ መላኩን እንጂ መዘጋቱን አልነበረም። የማቀዝቀዣው ውኃ ከሁለት ሰዓት በላይ በዚያ ሲወጣ ቆየና የሪአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ።

በክሊኒኩ ሰሌዳ ላይ የዚያች መብራት ቢጤ ፒንግ ነው። ፒንግ ለሰርቨሩ «አለህ?» የሚል አጭር ጥያቄ ነው፤ ሰርቨሩም «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ዳታቤዙ ቆሞ፣ ማንም ካርድ መክፈት ሳይችል እንኳ «አለሁ» ማለቱን አይተውም። በፒንግ ብቻ የተሠራ ሰሌዳ ሰልፉ በር ድረስ ደርሶም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የካርድ መስመሩ ምስክርነት ትክክል እንዲሆን የሚፈትሸው ፕሮግራም ሠራተኛዋ የምትሠራውን መሥራት አለበት፦ በየደቂቃው ወደ ካርድ ሶፍትዌሩ ገብቶ «ሙከራ» የተባለ የውሸት ታካሚ ይፈልግ፤ ስሙ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከመጣ አረንጓዴ፣ ከዘገየ ቢጫ፣ ከነጭራሹ ካልመጣ ቀይ። ይህ የውሸት ታካሚ ወርኃዊው ሪፖርት ውስጥ እንዳይቆጠር ምልክት ይደረግበታል፤ ፍተሻውም ያነባል እንጂ ምንም አይጽፍም። አንድ ጊዜ አለመመለስም ወዲያው ቀይ መሆን የለበትም። ሦስት ተከታታይ ፍተሻ ከወደቀ ግን በቂ ነው። ሦስት ደቂቃ መዘግየቱ ያናድድ ይሆናል፤ በየሰዓቱ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ግን ይብሳል፤ ከሳምንት በኋላ የሚያምነው አይኖርም።

አሁን የፎቁ ስዊች ጠፋ እንበል። የላብራቶሪው ኮምፒውተር፣ የሁለቱ ምርመራ ክፍሎች ኮምፒውተሮች፣ የፎቁ ዋይፋይና ፕሪንተሩ በአንድ ጊዜ ከመረቡ ይወጣሉ። ብልህ ያልሆነ ሰሌዳ አምስት ቀይ ያበራል፤ ነርሷም ክሊኒኩ በሙሉ የቆመ ይመስላታል። ናጂዮስ የተባለው የቆየ የመከታተያ ፕሮግራም ለዚህ መላ አለው። እያንዳንዱ ዕቃ በየትኛው በኩል እንደሚገናኝ ይነገረዋል። ስዊቹ ሲወድቅ ስዊቹን ብቻ DOWN፣ ከኋላው ያሉትን ደግሞ UNREACHABLE ይላቸዋል፤ ማለትም ስለ እነሱ የሚታወቅ ነገር የለም። በክሊኒኩ ሰሌዳ ላይ ይህ ወደ አንድ ቀይ መስመር ይጠቀለላል፦ «የላብራቶሪ ውጤት በኮምፒውተር አይደርስም። የፎቁ ስዊች ጠፍቷል፤ ከኮሪደሩ ሳጥን ውስጥ ሶኬቱን እዩ። ውጤት በወረቀት ይውረድ።» ካርድ፣ መድኃኒት ቤትና ክፍያ አረንጓዴ ሆነው ይቆያሉ፤ ምድር ቤት ያለው ሥራ አልተነካምና።

ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር እንደያዘ ልብ ይሏል፦ ምን እንደቆመ፣ ሠራተኛው ራሱ ምን ሊያይ እንደሚችል፣ እስከዚያው ሥራው በምን እንደሚቀጥል። አንዳንዴ አራተኛም ያስፈልጋል፤ ምን እንደማይነካ። ዳታቤዙ ሲቆም ሰው የሚቀናው ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ዳታቤዝ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይሉን ድንገት መንቀል ግን መረጃ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የካርድ መስመሩ ቀይ ዓረፍተ ነገር «ሰርቨሩን አታጥፉ» የሚለውን በግልጽ ይያዝ።

ከቀይም የሚከፋ አረንጓዴ አለ። ሰሌዳውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ራሱ ሰርቨሩ ላይ ከተጫነ፣ ሰርቨሩ ሲሞት ሰሌዳውም አብሮ ይሞታል። ግድግዳ ላይ ያለው ታብሌት ግን የመጨረሻውን ገጽ ይዞ ይቀራል፤ ስድስት አረንጓዴ፣ ፀጥ ብለው። መፍትሔው ሁለት ነው። ፕሮግራሙ እንደ ራስበሪ ፓይ ባለ ለብቻው በሆነ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫን። ገጹም የራሱን ዕድሜ ይቁጠር፤ ለሦስት ደቂቃ አዲስ መረጃ ካልደረሰው ሁሉንም መስመር ግራጫ አድርጎ «ሰሌዳው አያውቅም» ይበል። «አላውቅም» ማለት የማይችል ሰሌዳ ባይሰቀል ይሻላል።

ሰዓቱም ያሳስታል። ሰርቨሩ «መጨረሻ የታየው 15፡20» ብሎ ይጽፋል፤ ገንዘብ ተቀባዩ ደግሞ የእጅ ሰዓቱን ሲያይ 9፡20 ነው። ተቸኩሎ ሲነበብ ሰሌዳው የተበላሸ ይመስላል። የሚሻለው በአገሩ አቆጣጠር መጻፍ፣ ወይም ጨርሶ ሰዓቱን ትቶ «ከ40 ሰከንድ በፊት» ማለት ነው። የፊደሉ መጠንም ችላ አይባልም። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ለሚቆም ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያስፈልጋል፤ «ነ»ን ከ«ኑ» እና ከ«ኒ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ናትና፣ ከላቲን ፊደል ተቀድቶ የመጣ መጠን ለግዕዙ ያንሳል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ ወንዶች። ለዚህ ሲባል አረንጓዴው የ«✓»፣ ቢጫው የሦስት ማዕዘን፣ ቀዩ የ«✕» ቅርጽ ቢይዝ ጥሩ ነው። ታብሌቱ ደግሞ ወደ ሠራተኛው እንጂ ወደ ታካሚው ወረፋ አይዙር፤ የታካሚ ስምም በፍጹም አይታይበት።

በእኛ አገር ሰሌዳው ላይ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው መስመር የመብራቱ ሳይሆን አይቀርም። ከዩፒኤሱ ጋር በዩኤስቢ ገመድ የሚገናኝ ፕሮግራም ኃይል ከባትሪ እየመጣ እንደሆነና ባትሪው ስንት ደቂቃ ይበቃል የሚለውን ይነግራል። «መብራት የለም። ሰርቨሩ ለ18 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ጄኔሬተር ይነሳ» የሚል መስመር ለጥበቃው እንኳ ግልጽ ነው። ግን ቁጥሩ ግምት ነው። የእርሳስ ባትሪ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ 18 ደቂቃ እያለ ቆይቶ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው በየጥቂት ወሩ፣ ክሊኒኩ በተዘጋበት ሰዓት፣ ባክአፕ ከወሰደ በኋላ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅሎ እውነተኛውን ደቂቃ በሰዓት ይለካል። ሰሌዳውም ከተለካው ግማሹን ብቻ ቢናገር አይከፋም።

ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት የሚደረግ ፈተና አለ፤ ርካሽ ነው። በምሳ ሰዓት፣ ታካሚ በሌለበት፣ ባለሙያው ከራውተሩ ጀርባ የኢንተርኔቱን ገመድ ይነቅልና ሦስቱን ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ ስለ ኔትወርክ ምንም የማታውቀውን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጠርቶ ሰሌዳውን ለአምስት ሰከንድ ያሳያታል፤ ይሸፍነውና «ምን ተበላሸ? አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» ይላታል። «ሲስተም የለም፤ ታካሚውን ጠብቅ እለዋለሁ» ካለች፣ ሰሌዳው ወድቋል፤ ካርድ አሁንም መክፈት እንደሚቻል አልነገራትም። ዓረፍተ ነገሩ «ኢንተርኔት የለም። ካርድና መድኃኒት ቤት ይሠራሉ፤ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይሁን» ተብሎ ይስተካከልና በማግስቱ ፈተናው ለገንዘብ ተቀባዩ ይደገማል።