አስር ዓመት የዘገየ ቁጠባ ምን ያህል ያስከፍላል?

በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ሁለት መምህራን አሉ እንበል። እሷ 25 ዓመት ሲሞላት በየወሩ 1,000 ብር ባንክ ማስገባት ትጀምራለች። አስር ዓመት እንዲህ ስትቆጥብ ትቆይና ልጆች ይወለዳሉ፣ ወጪው ይከብዳል፣ ቁጠባውም ይቆማል። የተጠራቀመውን ገንዘብ ግን አትነካውም። እሱ በወጣትነቱ ሳንቲም ሳያስቀምጥ ቆይቶ ልክ እሷ ስታቆም፣ በ35 ዓመቱ ይጀምራል። እሱም በወር 1,000 ብር ነው የሚያስገባው፤ ጡረታ እስከሚወጣበት እስከ 60 ዓመቱ ድረስ አንድም ወር አያሳልፍም።

እሷ ከደመወዟ ቀንሳ ያስቀመጠችው በድምሩ 120 ሺህ ብር ነው። እሱ 300 ሺህ ብር አስቀምጧል። ባንኩ በዓመት 7 በመቶ ወለድ የሚከፍል ከሆነ፣ ሁለቱም 60 ዓመት ሲሞላቸው በእሷ ደብተር ላይ 900 ሺህ ብር ገደማ ይገኛል፤ በእሱ ላይ ደግሞ 759 ሺህ ብር ገደማ። ለስሌቱ ቅለት ሲባል እዚህ ላይ የየዓመቱ 12 ሺህ ብር በዓመቱ መጨረሻ አንድ ላይ እንደገባ፣ ወለዱም በዓመት አንድ ጊዜ እንደታሰበ ተቆጥሯል። ወለዱ በየወሩ ቢታሰብ የሁለቱም ገንዘብ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ብልጫው የእሷ እንደሆነ ይቀጥላል።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማየት የሁለቱን ሂሳብ ለጊዜው ትቶ አንድ ጊዜ ብቻ የገባ 10 ሺህ ብርን መከታተል ይበጃል። በመጀመሪያው ዓመት 7 በመቶው 700 ብር ነው፤ ገንዘቡ 10,700 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ወለዱ የሚታሰበው በ10 ሺህ ብር ላይ ሳይሆን በ10,700 ላይ ነው፤ ስለዚህ 749 ብር ይወልዳል። ያቺ 49 ብር ያለፈው ዓመት ወለድ ራሱ የወለዳት ናት። ጥምር ወለድ ማለት ይኸው ነው። 49 ብር ለማንም ቁም ነገር አትመስልም፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ ሳይነካ ሲቆይ ግን ነገሩ ይለወጣል። 10 ሺህው በአስር ዓመት ወደ 20 ሺህ ይጠጋል፣ በሃያ ዓመት ወደ 39 ሺህ፣ በሠላሳ ዓመት ወደ 76 ሺህ፣ በአርባ ዓመት ወደ 150 ሺህ። ወለዱ በየዓመቱ በመነሻው 10 ሺህ ላይ ብቻ ቢታሰብ ኖሮ በአርባ ዓመት የሚገኘው 38 ሺህ ብር ነበር። የመጀመሪያው አስር ዓመት የጨመረው 10 ሺህ ያህል ሲሆን አራተኛው አስር ዓመት ብቻውን 74 ሺህ ያህል ጨምሯል። እንግዲህ አስር ዓመት የዘገየ ሰው የሚያጣው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትንሽ ወለድ አይደለም። ጡረታ የሚወጣበት ቀን ስለማይገፋለት የሚጎድልበት የመጨረሻው፣ ትልቁ አስር ዓመት ነው።

ወደ መምህራኑ ስንመለስ፣ ወሳኙ ጊዜ ሁለቱ 35 ዓመት የሞላቸው ዕለት ነው። በዚያን ዕለት በእሷ ደብተር ላይ 165,800 ብር ገደማ አለ። የዚህ 7 በመቶ 11,600 ብር ያህል ነው። እሱ ከደመወዙ እየቀነሰ በዓመት የሚያስገባው 12,000 ብር ነው። ማለትም እሷ ማስቀመጥ ባቆመችበት ዓመት ወለዱ ተክቷት ከእሱ ጋር እኩል ሊባል በሚችል መጠን ማስቀመጥ ጀምሯል። ልዩነቱ 400 ብር ብቻ ስለሆነ እሱ በየዓመቱ የሚጠጋት በጣም በዝግታ ነው፤ በዚህ አካሄድ የሚደርስባት ዕድሜያቸው 85 ካለፈ በኋላ ይሆናል። እሷ አንድ ዓመት ጨምራ 11 ዓመት ብትቆጥብና እሱ ከዚያ በኋላ ቢጀምር ደግሞ የእሷ የዓመት ወለድ 13,200 ብር ያልፋል፤ ያኔ እሱ 12 ሺህ ብሩን ዕድሜ ልኩን ቢያስገባም አይደርስባትም።

በ60 ዓመቱ እኩል ልሁን ቢል በወር 1,000 ሳይሆን ወደ 1,190 ብር ማስገባት ነበረበት። በወር ሲታይ ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለ25 ዓመት ሲከፈል ከኪሱ የሚወጣው ወደ 356 ሺህ ብር ይደርሳል፣ እሷ ካወጣችው ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው በ7 በመቶው ላይ ነው። ምጣኔው የተመረጠውም በዘፈቀደ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ለቆጣቢ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነበር። ያው ምሳሌ በቀድሞው 5 በመቶ ቢሰላ አሸናፊው ይቀየራል፦ 60 ዓመት ሲሞላቸው እሷ 511 ሺህ፣ እሱ 573 ሺህ ብር ያህል ይኖራቸዋል። ምክንያቱ እዚያው የ35 ዓመታቸው ዕለት ላይ ይገኛል። በ5 በመቶ የእሷ የዓመት ወለድ 7,500 ብር ገደማ ብቻ ስለሆነ የእሱን 12 ሺህ መቋቋም አይችልም፤ ሳይዘገይ፣ በ56 ዓመቱ ይቀድማታል። ቀድሞ መጀመር ከመጠን ይበልጣል የሚባለው እንግዲህ በማንኛውም ምጣኔ እውነት አይደለም። ወለዱ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚቀመጠው ብር መጠን ክብደቱ ይጨምራል። የራሱን ሂሳብ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያጠራቀመው ገንዘብ በዓመት የሚወልደውን በዓመት ከሚያስገባው ጋር ማስተያየት ይበቃዋል።

ከዚህ የሚከብደው የዋጋ ንረት ነው። ዋጋም በራሱ ላይ እየተደራረበ ነው የሚያድገው፤ ዘንድሮ የጨመረው ዋጋ ለከርሞው ጭማሪ መነሻ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት 10 ሺህ ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው 10,700 ብር ያገኛል፤ ቀድሞ በ10 ሺህ ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ ግን ከ13 ሺህ በላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ያድጋል፣ የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። የመምህሯም 900 ሺህ ብር ምን ያህል እንደሚያኖራት የሚወሰነው በእነዚያ 35 ዓመታት ዋጋ ስንት እጥፍ እንደጨመረ ነው። ዋጋ በአማካይ በዓመት 7 በመቶ ከጨመረ ወለዱ የጠበቀላት የገንዘቧን አቅም ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቀድማ የጀመረችው እሷ ለጉዳቱም ረጅም ጊዜ ተጋልጣለች።

ስለዚህ ገንዘቡ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ መቼ ይጀመር ከሚለው ተነጥሎ አይታይም። ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ላይነካ የሚችል ገንዘብ ያለው ሰው ከተራ ቁጠባ ይልቅ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሊጠይቅ ይችላል፤ እዚያ ምጣኔው በድርድር ከ7 በመቶ በላይ ሊወጣ ይችላል። ውሉን ሲፈርም አንድ ነገር ለይቶ መጠየቅ አለበት፦ ጊዜው ሲያልቅ ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ እንደገና ይቀመጣል ወይስ ወደ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ይወጣል? በየዓመቱ ወጥቶ የሚበላ ወለድ አይወልድም፤ በዚህ መንገድ ከላይ የታየው 10 ሺህ ብር በአርባ ዓመቱም ያው በዓመት 700 ብር የሚከፍል 10 ሺህ ብር ነው።