አቶሙም ቻርጁም ልክ ሆኖ የሚሳሳት እኩልታ

እነዚህን ሁለት እኩልታዎች ተመልከቱ።

2MnO₄⁻ + 3H₂O₂ + 6H⁺ → 2Mn²⁺ + 4O₂ + 6H₂O

2MnO₄⁻ + 5H₂O₂ + 6H⁺ → 2Mn²⁺ + 5O₂ + 8H₂O

ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ከፐርማንጋኔት ጋር ሲገናኝ የፐርማንጋኔቱ ወይን ጠጅ ቀለም ይጠፋል፤ የኦክሲጅን አረፋም ይወጣል። እስቲ የመጀመሪያውን እንቁጠር። በግራ ከፐርማንጋኔቱ 8፣ ከፐርኦክሳይዱ 6፣ በድምሩ 14 ኦክሲጅን አለ። በቀኝም ከጋዙ 8፣ ከውሃው 6፣ ያው 14 ነው። ሃይድሮጅኑ ግራም ቀኝም 12፣ ቻርጁ ግራም ቀኝም +4 ነው። እንከን አይወጣለትም። ግን ስህተት ነው፤ ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ቁጥር እየሞከረ የሚያመጣጥን ተማሪ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ዕድሉ ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው በተጠናቀቀው እኩልታ ላይ የማይታየው ኤሌክትሮን ነው። እንዲህ ባለው ሪአክሽን ውስጥ አንዱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ይህ ኦክሲዴሽን ይባላል። ሌላው ይቀበላል፤ ይህ ደግሞ ሪዳክሽን ነው። የግማሽ ሪአክሽን ዘዴ ሰጪውንና ተቀባዩን ለየብቻ አስቀምጦ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን ይቆጥራል፤ መልሶ የሚያገናኛቸው ቁጥሩ ሲገጥም ብቻ ነው።

ከተቀባዩ እንጀምር። ፐርማንጋኔት ወደ ማንጋኒዝ አዮን ይለወጣል።

MnO₄⁻ → Mn²⁺

መጀመሪያ ከኦክሲጅንና ከሃይድሮጅን ውጭ ያለው አቶም ይታያል። ማንጋኒዙ ግራም ቀኝም አንድ ስለሆነ የሚነካ ነገር የለም። ቀጥሎ ኦክሲጅን፦ በግራ አራት አለ፣ በቀኝ ምንም የለም። የጎደለውን ኦክሲጅን የምንሞላው በውሃ ነው፤ ስለዚህ በቀኝ 4H₂O ይገባል። ውሃው ግን 8 ሃይድሮጅን ይዞ መጣ፤ እሱን ለማካካስ በግራ 8H⁺ እንጨምራለን። ውሃና H⁺ን እንደ ልብ የምንጨምረው ሁለቱም በአሲዱ ውስጥ በብዛት ስላሉ ነው። OH⁻ ግን እዚህ ቦታ የለውም፤ አሲድ ውስጥ ቢገኝ ወዲያው ከH⁺ ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል።

MnO₄⁻ + 8H⁺ → Mn²⁺ + 4H₂O

አቶሙ ተስተካከለ፤ ቀጥሎ ቻርጅ ነው። በግራ −1 እና +8 ሲደመሩ +7፣ በቀኝ +2። ኤሌክትሮን የሚገባው ሁልጊዜ ቻርጁ ከፍ ባለበት በኩል ነው፤ እዚህ በግራ፣ አምስት።

MnO₄⁻ + 8H⁺ + 5e⁻ → Mn²⁺ + 4H₂O

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ከH⁺ ፊት ያለውን 8 ይረሳና ቻርጁን አንድ ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ወይም ኤሌክትሮኑን ቀድሞ ጽፎ H⁺ ሲጨምር ሂሳቡ ይፈርስበታል። ውጤቱን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። የማንጋኒዝ የኦክሲዴሽን ቁጥር ከ+7 ወደ +2 ወርዷል፤ ልዩነቱ ያው 5 ነው።

ሰጪው ቀላል ነው። ፐርኦክሳይድ ወደ ኦክሲጅን ጋዝ ሲለወጥ ኦክሲጅኑ ሁለት በሁለት ስለሆነ ውሃ አያስፈልግም። ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በቀኝ 2H⁺ ሆነው ይወጣሉ፤ በዚያው በኩል ሁለት ኤሌክትሮኖች ይታከላሉ።

H₂O₂ → O₂ + 2H⁺ + 2e⁻

አንዱ ኤሌክትሮኑን በግራ፣ ሌላው በቀኝ መያዙን ልብ በሉ። ሁለቱም በአንድ ወገን ከሆኑ የሆነ ቦታ ተሳስተናል፤ ወደፊት መሄድ ዋጋ የለውም።

አሁን አንዱ አምስት ይፈልጋል፣ ሌላው ሁለት ይሰጣል። ሁለቱ የሚገናኙት አሥር ላይ ነው፤ የመጀመሪያው በ2፣ ሁለተኛው በ5 ይባዛል።

2MnO₄⁻ + 16H⁺ + 10e⁻ → 2Mn²⁺ + 8H₂O

5H₂O₂ → 5O₂ + 10H⁺ + 10e⁻

ሲደመሩ አሥሩ ኤሌክትሮኖች ይጣፋሉ። በግራ ካለው 16H⁺ በቀኝ ያለው 10 ሲቀነስ በግራ 6 ይቀራል። የምናገኘው መጀመሪያ ላይ በሁለተኛነት ያስቀመጥነውን እኩልታ ነው፤ 2 ለ5።

ታዲያ የተሳሳተው እንዴት እንዲያ አምሮ ቀረበ? ሁለቱን ብናቀናንስ ልዩነታቸው 2H₂O₂ → 2H₂O + O₂ ሆኖ ይገኛል። ይህ ፐርኦክሳይድ ያለማንም እርዳታ ራሱ የሚፈራርስበት ሪአክሽን ነው። ብቻውን የተመጣጠነ ስለሆነ ከትክክለኛው እኩልታ ላይ ቢቀንሱትም ቢጨምሩበትም አቶሙም ቻርጁም አይዛባም፤ ስለዚህ ልክ የሚመስሉ መልሶች ማብቂያ የላቸውም። ኤሌክትሮኑ ግን ይናገራል። በተሳሳተው እኩልታ 3 ፐርኦክሳይድ የሚሰጠው 6 ኤሌክትሮን ብቻ ሲሆን ፐርማንጋኔቱ 10 ይፈልጋል። ደግሞም ከ3 ፐርኦክሳይድ 4 የኦክሲጅን ጋዝ ወጣ ማለት የተረፈው ጋዝ ከፐርማንጋኔቱ መጣ እንደማለት ነው። በከባድ ኦክሲጅን ምልክት ተደርጎበት ሲፈተሽ ግን የጋዙ ሁለቱም አቶሞች የሚመጡት ከፐርኦክሳይዱ እንደሆነ ታይቷል።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዚህ እኩልታ የፐርኦክሳይድ ጠርሙስ ይመረመራል። 3 በመቶ ከሚለው ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ተወስዶ በውሃ 100 ሚሊ ሊትር እንዲሞላ ይደረጋል፤ ከዚያ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ በሰልፈሪክ አሲድ ይታከማል። 0.02 ሞላር ፐርማንጋኔት ከቡሬት እየተንጠባጠበ ይገባበታል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቀለማቸውን ቶሎ አይለቁም፤ የተፈጠረው ማንጋኒዝ አዮን ራሱ ሪአክሽኑን ስለሚያፋጥን በኋላ ወዲያው ይጠፋሉ። ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይጠፋ ሲቆይ ይቆማል። ጠርሙሱ እውነተኛ ከሆነ ወደ 17.6 ሚሊ ሊትር ፐርማንጋኔት ይፈጃል። በ2 ለ5 ስሌት እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1.70 ሚሊ ግራም ፐርኦክሳይድ ማለት ነው፤ ድምሩ 30 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 3 በመቶ ይሆናል። በ2 ለ3 ያሰላ ሰው ግን 1.8 በመቶ ያገኝና ደህናውን ጠርሙስ የተበላሸ ብሎ ይጥለዋል።

አሲዱም እንዲሁ የሚጨመር አይደለም። H⁺ ካነሰ ፐርማንጋኔቱ እስከ Mn²⁺ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አምስት ሳይሆን ሦስት ኤሌክትሮን ብቻ ተቀብሎ MnO₂ ይሆናል።

MnO₄⁻ + 4H⁺ + 3e⁻ → MnO₂ + 2H₂O

ይህ የሚታወቀው ፈሳሹ ጥርት ከማለት ይልቅ ቡናማ ሆኖ ሲደፈርስ ነው። ያኔ የ2 ለ5 ሂሳብ አይሠራም፤ ናሙናው ተደፍቶ አሲዱ ተጨምሮ እንደገና ይጀመራል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድም አይመረጥም፤ ፐርማንጋኔት ክሎራይዱንም ወደ ክሎሪን ሊለውጠው ስለሚችል ፐርኦክሳይዱ ያልበላው ፐርማንጋኔት በእሱ ስም ይቆጠራል። ናይትሪክ አሲድ ደግሞ ራሱ ኤሌክትሮን ተቀባይ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ የተመረጠው ከሰጪውም ከተቀባዩም ጋር ሳይነካካ H⁺ ብቻ ስለሚያቀርብ ነው።